ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ ስድቡ ይውጣ፣ በደሉ ግን አይቀንስ

«አንቺ ሴትዮ፣ ስግብግብነትሽ ልክ አጣ! ጣሪያው ልጄ አልጋ ላይ እያፈሰሰ ክረምቱን ሙሉ ስለምንሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽኝ። በመብራት ትሰርቂኛለሽ። ሮቶውን ቆልፈሽ ውሃ ከለከልሽኝ። ሁልጊዜ ሰው በሌለበት በሬን ከፍተሽ ትገቢያለሽ። ልጅሽም ባለጌ ነው። አሁን ደግሞ ዐይንሽን በጨው አጥበሽ ሁለት ሺህ ብር ጨምሪ፣ ካልሆነ ውጪ ትይኛለሽ! ከዚህ ወር ጀምሮ አንድ ሳንቲም አልከፍልም። በሕግ አሳይሻለሁ!»

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ተጋርታ የምትኖር አንዲት ነርስ ይህን ለአከራይዋ በቴሌግራም ልትልክ ጽፋ፣ ከመላኳ በፊት ለእኔ ላከችልኝ። «ጨዋ አድርጊልኝ፤ ግን አንድም በደል እንዳይቀር» አለችኝ። በፈቃዷ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ለውጬ አቀርበዋለሁ።

ከእኔ በፊት አንድ ዘመዷ አይቶት አስተካክሎላት ነበር። የእሱ ጽሑፍ «ውድ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቤቱ ላይ አንዳንድ ችግሮች ስላሉ ቢቻል ቢመለከቱልን፣ ስለ ጭማሪውም ብንነጋገር ደስ ይለኛል» የሚል ነበር። ጨዋነት አለው፤ በደል ግን የለበትም። አከራይዋ «እሺ እናያለን» ብለው ቢመልሱ መልስ ሰጡ ይባላል። እኛ ዘንድ ማብረድ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ሲገባ ቁጣው ብቻ ሳይሆን የቁጣው ምክንያትም ግማሹ ይቀራል። በዚህ አልስማማም። ተከራይዋ የጻፈችው ቁጣ መረጃ የሞላበት ነው፤ ሥራው መረጃውን ሳይጎድል ማውጣት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃላቱን አልነካሁም። ረቂቁን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይዤ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኳት፦ ምን ሆነ? መቼ? በምን ይታወቃል? ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?

ያለ ጥያቄ ልሰርዘው የነበረው «ልጅሽም ባለጌ ነው» የሚለውን ነው። ማንም አራሚ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው፤ ስድብ ብቻ ይመስላልና። ስጠይቃት ግን ልጁ የግቢውን በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከውስጥ እንደሚቀረቅረው፣ እሷ ከምሽት ፈረቃ ስትመለስ እያንኳኳች ውጭ እንደምትቆም፣ አንድ ቀንም «ሰዓትሽን ጠብቀሽ ግቢ» እንዳላት ነገረችኝ። ይህ ስለ አስተዳደግ የተነሳ ነቀፋ አይደለም፤ ለተከራየችው ቤት መግቢያ ማጣት ነው። ስድቡን ዝም ብዬ ባወጣው ኖሮ ከሁሉ ይበልጥ አስጊ ከሆኑት ቅሬታዎች አንዱ አብሮ ይጠፋ ነበር። ስድብ ሲገጥመኝ የምሰርዘው ከሥሩ ያለውን ድርጊት ካወቅኩ በኋላ ነው።

«ትሰርቂኛለሽ» የሚለው ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የማይረጋገጥ ክስ ነውና። ቆጣሪው አንድ ነው፤ አከራይዋም ሁለት ተከራዮችም ይጠቀሙበታል። በአገራችን የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ውድ ወደሆነው እርከን ይገባል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል። ስለዚህ ለመብራት በየወሩ የምትከፍለው 900 ብር የአከራይዋ ብልጠት ሊሆን ይችላል፤ የታሪፉ ውጤትም ሊሆን ይችላል። ሌባ ብላ ጽፋ ደረሰኙ ትክክል ሆኖ ቢገኝ፣ እውነት የሆኑት ሌሎቹ ቅሬታዎቿም አብረው ይጠረጠራሉ። በእጇ ያለው እውነት ሂሳቡን አይታ አለማወቋ ነው። የምትጠይቀውም ደረሰኙንና አከፋፈሉን ማየት፣ ከድርሻዋ በላይ ከፍላ ከተገኘ እንዲመለስላት ነው። ቅሬታው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከ«አልሰረቅኩም» የተለየ መልስ የሚያስፈልገው ሆነ።

«ሁልጊዜ»ንም በቀን ተካነው። ስታስብ እርግጠኛ የሆነችው ነሐሴ 22 እና መስከረም 9 ነው። ሁለት ቀን ከ«ሁልጊዜ» ያንሳል ብላ ከፋት። ግን «ሁልጊዜ» በአንድ «ውሸት ነው» ይፈርሳል፤ ጎረቤት ያየውን ቀን እንዲህ በቀላሉ መካድ አይቻልም።

ሁለት ነገር ከረቂቁ ወጣ፤ ሁለቱም በደል አልነበሩም። «አንድ ሳንቲም አልከፍልም» የሚለው ዛቻ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ራሷን ነው። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ውሉ እንዲቋረጥ ምክንያት በእጁ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ጣሪያ መሆኑ ይቀርና ስለ ውዝፍ ይሆናል። በቦታው «ኪራዬን በባንክ ከፍያለሁ» የሚለው ገባ። «በሕግ አሳይሻለሁ» ደግሞ የመጨረሻ ቀንና የምትሄድበትን ቢሮ በሚገልጹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተተካ።

ስለ ጭማሪው ሕጉን ማወቅ ቁጣ የማይሰጠውን ጉልበት ይሰጣል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። አከራይ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ ከሚያደርገው ልክ በላይ ኪራይ መጨመር አይችልም። ከ9 ሺህ ወደ 11 ሺህ ብር በቃል የተነገረ ጭማሪ በዚህ ሚዛን ነው የሚታየው። ደብዳቤው ውስጥ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጠቀስነው፤ በየአንቀጹ ሕግ መደርደር ማስፈራሪያ ይመስላልና።

የቅደም ተከተሉ ነገርም አከራከረን። እሷ ጭማሪው ይቅደም አለች፤ ቀኑ ደርሷልና። እኔ ግን ጣሪያው ይቅደም አልኩ። ጭማሪው ከቀደመ አከራይዋ «ጨምሪ ስላት ነው ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረው» ይላሉ። የጣሪያው መልእክት የሐምሌ ነው፤ የጭማሪው ወሬ የመስከረም። ቀኑ በተራው ሲቀመጥ ይህን መልስ አስቀድሞ ይዘጋዋል።

የተላከው ይህ ነው።

«መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት አከራዬ

ጉዳዩ፦ ስለ ቤቱ እድሳት፣ አገልግሎትና የኪራይ ጭማሪ

ጥር 2017 ዓ.ም. ባስመዘገብነው የሁለት ዓመት ውል መሠረት በግቢዎ እኖራለሁ፤ እስከ መስከረም ያለውን ኪራይ በባንክ ከፍያለሁ።

አንደኛ፣ የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ ከሐምሌ ጀምሮ በዘነበ ቁጥር የልጄ አልጋ ላይ ያፈሳል። ሐምሌ 8 እና ነሐሴ 3 ከነፎቶው በቴሌግራም አሳውቄዎታለሁ፤ መልስ አላገኘሁም። እስከ ጥቅምት 5 እንዲያስጠግኑልኝ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ለሰኔ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ መብራት በየወሩ 900 ብር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙን ግን አላሳዩኝም። የሦስቱን ወር ደረሰኝና አከፋፈሉን እንዲያሳዩኝ፣ ከድርሻዬ በላይ የከፈልኩት ካለም እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ውሃ በኪራዩ ውስጥ መሆኑ በውላችን ተጽፏል። ከነሐሴ 15 ጀምሮ የሮቶውን ቧንቧ ስለቆለፉት የመስመር ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ያለ ውሃ እንውላለን። ቁልፉን እንዲያነሱ ወይም አንዱን ቁልፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።

አራተኛ፣ ነሐሴ 22 እና መስከረም 9 እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ በትርፍ ቁልፍ ቤቴ ገብተዋል። ከእንግዲህ መግባት ሲያስፈልግዎ ከአንድ ቀን በፊት እንዲያሳውቁኝና እኔ ባለሁበት እንዲሆን እጠይቃለሁ።

አምስተኛ፣ ልጅዎ የግቢውን በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ከውስጥ ስለሚቀረቅረው ከሥራ ስመለስ ውጭ እቆማለሁ። የበር ቁልፍ እንዲሰጠኝና በሩ እንዳይቀረቀር እጠይቃለሁ።

ስድስተኛ፣ መስከረም 12 ከጥቅምት ጀምሮ 11 ሺህ ብር እንድከፍል፣ ካልሆነ ቤቱን እንድለቅ በቃል ነግረውኛል። ውላችን አላበቃም፤ ጭማሪም በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ይፋ ከሚሆነው ልክ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ በውሉ ያለውን 9 ሺህ ብር መክፈሌን እቀጥላለሁ።

እስከ ጥቅምት 5 በጽሑፍ ቢመልሱልኝ በመካከላችን እንጨርሰዋለን። ካልሆነ ውላችን በተመዘገበበት ወረዳ አቤቱታዬን አቀርባለሁ።»

ከስድቡና ከዛቻው በቀር የቀረ ነገር የለም፤ ይልቁንም በረቂቁ ያልነበሩ ቀኖችና ጥያቄዎች ተጨመሩ። ቃሉ የለዘበው በ«እርስዎ»ና በ«እጠይቃለሁ» ነው። «ቢቻል»፣ «ካላስቸገርኩ»፣ «ጥቃቅን» የሚሉት ሆን ብለን የተውናቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አከራይዋ እምቢ እንዲሉ አስቀድመው ይፈቅዳሉ። ልብ ብሎ ያነበበ «ቧንቧው ተቆልፏል» ሳይሆን «ስለቆለፉት» መባሉንም ያያል። ቁጡ ሰው ጨዋ ለመሆን ሲሞክር አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ ያወጣል፤ ከዚያ ቧንቧው ራሱን የቆለፈ ይመስላል። ማን እንዳደረገው መጻፍ ስድብ አይደለም።

በቡና ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት ይሻላል የሚሉ አሉ። አንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች በደብዳቤ ሲነጋገሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያው ንግግር በቃል መሆን አለበት። እሷ ግን ክረምቱን ሙሉ በቃል ተናግራለች። ደብዳቤው ሁለት አንባቢ አለው፤ አንዷ አከራይዋ ናቸው፣ ሌላው ነገ አቤቱታውን የሚያይ የወረዳ ሠራተኛ ወይም ዳኛ ነው። ያ ሰው ሁለቱንም አያውቅም። በ«አንቺ ሴትዮ» የሚጀምር ወረቀት ሲያይ የጠብ ጉዳይ ነው ብሎ ያስታርቃል፤ ስድስት የተቆጠሩ ነገሮች ሲያይ ግን በየተራ መጠየቅ ይጀምራል።

ገደብም አለው። ውሏ ባይመዘገብ ኖሮ ስድስተኛው ነጥብ በጣም ይሳሳ ነበር። የቃል ውል ያለው ሰው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት የባንክ ዝውውሩንና የቴሌግራም መልእክቱን ይሰብስብ፤ ተከራይነቱን የሚያሳየው እሱ ነውና። ደብዳቤው አከራይን ሊያስቆጣ እንደሚችልም ደብቄ አላውቅም፤ ለዚህ ነው ከመላኩ በፊት የመስከረም ኪራይ እንዲገባ ያደረግነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ታተመ። አንዱን ለአከራይዋ ሰጥታ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ከነቀኑ እንዲፈርሙ ጠየቀች። «እኔ በቤቴ ምንም አልፈርምም» አሉ። ስለዚህ ጎረቤት ባለበት ሰጠቻቸው፣ የደብዳቤውን ፎቶ በዚያው ሰዓት በቴሌግራም ላከች፣ የጎረቤቱን ስምና ሰዓቱን በራሷ ቅጂ ጀርባ ላይ ጻፈች። ከሐምሌ መልእክቶቿና ከባንክ ደረሰኞቿ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ወረዳው ከጠየቃት የምታቀርበው ያንን ነው።