ማስተካከያ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የፊሊፕስ ሂው መብራት

«ኢንተርኔት ከጠፋ ስማርት አምፖል አይታዘዝም። ራውተሩን አጥፍታችሁ እስኪመለስ ጠብቁ።»

ለፊሊፕስ ሂው ይህ ትክክል አይደለም። ሁለተኛው ምክር እንዲያውም ነገሩን ያባብሰዋል። ብሪጅ የሚባለው ትንሽ ሳጥን አምፖሎቹን የሚያዘው ዚግቢ በተባለ ሬዲዮ ነው፤ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ስልካችሁ ግን ብሪጁን የሚያገኘው በራውተሩ በኩል ነው። ራውተሩን ስታጠፉ መንገዱን የምትዘጉት ራሳችሁ ናችሁ። እንደበራ ተዉት።

ራውተሩ በርቶም አፑ ብሪጁን ማግኘት ካቃተው፣ መጀመሪያ ስልኩን እዩ። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቁ ሳይነግሯችሁ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራሉ። ያኔ ስልኩ ከቤቱ ኔትወርክ ወጥቷል ማለት ነው። ዳታውን አጥፉና ዋይፋዩን እንደገና ምረጡ። «ኢንተርኔት የለውም፣ ይገናኝ?» ብሎ ከጠየቀ እሺ በሉት።

ኢንተርኔት እስኪጠፋ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ መሞከር ትችላላችሁ። ከውጭ ወደ ራውተሩ የሚገባውን ገመድ ብቻ ንቀሉ። ከራውተሩ ወደ ብሪጁ የሚሄደውን እንዳትነኩት። ከዚያ በአፑ አንድ አምፖል አጥፉና አብሩ። የሂው ገመድ አልባ ማብሪያና ብሪጁ ላይ የተቀመጠው የሰዓት ፕሮግራምም ይሠራሉ።

የማይሠራው ከቤት ውጭ ሆኖ ማዘዝ ነው፤ በድምፅ ማዘዝም በአብዛኛው ይቆማል። ያለ ብሪጅ በቀጥታ ዋይፋይ ላይ የሚገቡ ርካሽ አምፖሎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ብዙዎቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከአምራቹ ሰርቨር ስለሆነ፣ ለነሱ የላይኛው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እውነት ነው።