«ሜንተር ይሁኑኝ» ከማለትሽ በፊት

«ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ አዳማ ውስጥ አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ፈተናም ጀምሬያለሁ። የሚመራኝ ትልቅ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ግን ሰው ማስቸገር እፈራለሁ። ሁለት ሰው ጠይቄ ‹እሺ› ብለውኝ ጠፉ። እንዴት ብዬ ልጠይቅ?»

መጀመሪያ ስለዚያ «እሺ» እናውራ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት «አልችልም» ማለት ይከብደዋል። ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ «እሺ፣ ደውይልኝ» ይልሻል። ቀን ካልቆረጠልሽ፣ «ምኑ ላይ ነው የተቸገርሽው?» ብሎ ካልጠየቀሽ፣ ያ እሺ እምቢ ነው። አትቀየሚው። አሥር ቀን ያህል ጠብቂና በአንድ መስመር አስታውሺው። ከዚያ በኋላ ዝም ካለ ተይውና ሌላ ሰው ፈልጊ። በተከታታይ መደወል ግን ይቅር። ስልኩ ላይ ስምሽን ሲያይ የሚደበቅ ሰው ምንም አይጠቅምሽም።

ለምን እንደጠፉ ደግሞ እገምታለሁ። «ሜንተር ይሁኑኝ» ብለሽ ከሆነ፣ የጠየቅሽው ነገር ዳርቻ የለውም። በሳምንት አንዴ ነው? ለስንት ዓመት? ሥራ ፈልጉልኝ ማለትም ይሆን? የተጠየቀው ሰው ይህን ሁሉ በልቡ ያሰላል። አሥር ደቂቃ ብትጠይቂው ይሰጥሽ የነበረ ሰው፣ መጨረሻው ስላልታየው ይሸሻል። (ቃሉን በአማርኛ «አማካሪ» ልለው ነበር። በእኛ ሙያ ግን አማካሪ የሚባለው በሰዓት የሚያስከፍለው ስለሆነ፣ ሜንተር ብለን እንቀጥል።)

ይህን የማውቀው አጥፍቼው ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አንጋፋ ኦዲተር ቢሮ ሄድኩ። መስከረም ነበር። ጠረጴዛቸው በፋይል ተሞልቷል፣ ስልካቸው ይጮኻል። «ምን ልርዳሽ?» አሉኝ። «ልምድዎን እንዲያካፍሉኝ» አልኩ። ሰውየው ጨዋ ናቸውና አካፈሉኝ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከትምህርት ቤት ጀምረው ሕይወታቸውን ነገሩኝ። ስወጣ ማስታወሻዬ ላይ የተጻፈው ቀኑ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ስደውል አላነሱም። ኩራተኛ ናቸው እያልኩ ዓመት ሙሉ አማኋቸው። ዛሬ በእሳቸው ወንበር በኩል ስቀመጥ ነው የገባኝ። መስከረም ላይ ሄጄ፣ ጥያቄ ሳልይዝ።

ወሩ ቀላል ነገር አይምሰልሽ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ የሒሳብና የኦዲት ሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቀና ብሎ አያይም። የዓመቱ ሒሳብ መዘጋት አለበት፣ ኦዲት አለ፣ የትርፍ ግብር አለ። በየወሩ መጨረሻም የታክስ ማሳወቂያ ሩጫ አለ። ያው ሰው ኅዳር አጋማሽ ላይ ብታገኚው ሌላ ሰው ነው።

ማንን ልጠይቅ ካልሽ፣ በየመድረኩ የምታያቸውን ትልልቅ ሰዎች ለጊዜው ተያቸው። ካንቺ አራት አምስት ዓመት የሚቀድም ሰው ይሻልሻል። እሱ ያንቺን ጣጣ ገና አልረሳውም። ደግሞ ሁለት ነገር አታደባልቂ። ኤሲሲኤ ከ13ቱ ፈተናዎች ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱንም የሚያረጋግጥልሽ ተቆጣጣሪ ያስፈልግሻል። እሱ ሥራሽን በቅርብ የሚያውቅ፣ ራሱም ብቃቱ የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አለበት። በቴሌግራም የተዋወቅሽውን ሰው «ይፈርሙልኝ» ብትይው፣ ያላየውን እንዲመሰክር ነው የጠየቅሽው። ዝምድናው እዚያው ላይ ያልቃል።

አሁን እንዴት እንደሚጠየቅ ላሳይሽ። አንድ ወጣት ከዚህ ቀደም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፤

«ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር ላይ የሰጡትን ሥልጠና ተካፍያለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚወስድ አይመስለኝም። ድርጅታችን ለሦስት ዓመት ቢሮ ተከራይቷል። ኪራዩ በዓመት 360 ሺህ ብር ነው፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ይከፈላል። የመጀመሪያውን ዓመት ቢሮውን በተረከብንበት ቀን ከፍለናል። በ15 በመቶ አስልቼ የኪራይ ዕዳው 822 ሺህ ገደማ መጣልኝ። ልክ አልመሰለኝም፤ የት ጋ እንደሳትኩ ግን አላገኘሁትም። ስሌቱ አንድ ገጽ ነው፣ አያይዤዋለሁ። የድርጅቱን ስም አጥፍቼዋለሁ። ካልተመቸዎት ችግር የለም፤ ዓርብ ለአለቃዬ የደረስኩበትን አቀርባለሁ።»

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ስሌቱን ከፈትኩና ስህተቱን ወዲያው አየሁት። የኪራይ ሒሳብ እንዴት እንደሚያዝ በሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ 16 መሠረት፣ ዕዳ ሆኖ የሚመዘገበው ንብረቱን በተረከቡበት ቀን ገና ያልተከፈለው ኪራይ ነው። ልጁ ግን ሦስቱንም ክፍያ ዕዳ አድርጎ፣ እያንዳንዱ በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ይመስል ወደ ዛሬ ዋጋ አምጥቷቸዋል። የመጀመሪያው 360 ሺህ እኮ ተከፍሏል። የቀሩት ሁለት ክፍያዎች ናቸው፤ አንዱ ከዓመት በኋላ፣ ሌላው ከሁለት ዓመት በኋላ። የሁለቱ የዛሬ ዋጋ 585 ሺህ ገደማ ነው። ዕዳው ይኸው ነው። የተከፈለው 360 ሺህ ደግሞ በንብረት በኩል ይደመርና ቢሮውን የመጠቀም መብቱ ወደ 945 ሺህ ይመጣል።

ይህን በአራት መስመር ጻፍኩለትና እኔም አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ «15 በመቶውን ከየት አመጣኸው?» ባንክ ለተመሳሳይ ጊዜና መጠን ለድርጅቱ ሊያበድር የጠየቀው ወለድ መሆኑን ነገረኝ። ጎሽ። ሁሉም ነገር አለቀ። ከአውቶቡስ አልወረድኩም።

እስቲ መልእክቱን መልሰሽ እይው። ቁጥሩ መሳሳቱን ራሱ ደርሶበታል፤ የጎደለው ምክንያቱ ብቻ ነው። ያየሁትም ሥራውን ነው፣ ስለዚህ ምን እንደማያውቅ ለመገመት አልደከምኩም። ከሁሉ የወደድኩለት ግን የመጨረሻዋን መስመር ነው። ያለ እኔም ዓርብ ሥራው ይቀጥላል። እኔ ዝም ብል እሱ ጉድ እንደማይሆን ሳውቅ፣ መመለስ አይከብደኝም። «እባክዎ እርስዎ ካልረዱኝ ማንም የለኝም» የሚለው መልእክት ግን ገና ሳላነበው ትከሻዬ ላይ ይወጣል። የሰባት ደቂቃ ቮይስ የሚልኩልኝም አሉ፤ ሦስቱ ደቂቃ ሰላምታ ነው። ሰላምታ አልጠላም፤ ግን ቮይስ በዓይን አይቃኝም።

የድርጅቱን ስም ማጥፋቱንም ልብ በይ። አንዴ አንዲት ልጅ የአንድ ድርጅት ሙሉ የደመወዝ መክፈያ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የሠራተኞቹ ስም፣ ደመወዝ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ሁሉም አለ። አጠፋሁት። «ለማንም አትላኪ» ብዬ ጻፍኩላት እንጂ ጥያቄዋን አልመለስኩም። የቀጣሪን ምስጢር እንዲህ የሚበትን ሰው ጋር ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም። ሌላውም ባለሙያ እንደዚያው ነው። ቁጥሮቹን ብትቀይሪያቸው እንኳ ጥያቄው አይጎዳም።

ስለ ቡና ግብዣ ደግሞ። አስበሽለት ነው፣ አውቃለሁ። ግን አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰዓት ቡና ከነመንገዱ ግማሽ ቀን ይበላል። በአካል ማግኘት ካለብሽ፣ ቢሮው ድረስ አንቺ ሂጂ። ሃያ ደቂቃ ብለሽ ከሆነ፣ ሃያ ሲሞላ ቀድመሽ ተነሺ። ወሬው ሞቆ «ተቀመጪ እንጂ» ካለሽ ያ የሱ ምርጫ ነው። እኔም ሴት ነኝና አንድ ነገር ልጨምር፤ በሥራ ሰዓትና በሥራ ቦታ መገናኘት ለሁለታችሁም ይበጃል። ሰውየው ማታ ማታ ብቻ ከሆነ የሚመቸው፣ በጽሑፍ ይሁንልኝ በይው። እሱንም ካልወደደ ሌላ ሰው አለ።

ምክሩን ካገኘሽ በኋላ ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር አለች። የኪራዩ ልጅ በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ ጻፈልኝ፤ «አለቃዬ ተቀብሎታል። ግን ውሉ ለሁለት ዓመት የማደስ መብት አለው፣ እሱስ ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቢሮውን ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ ስላወጣን የምንለቅ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይቆጠራል ብያለሁ።» ልክ ነበር። ድርጅቱ ውሉን እንደሚያድስ በበቂ ሁኔታ እርግጠኛ ከሆነ፣ የእድሳቱ ጊዜ በውሉ ዘመን ውስጥ ይገባል፤ ዕዳውም ያድጋል። «ጎበዝ» ከማለት ሌላ ሥራ አልሰጠኝም። የነገርኩት ነገር የት እንደደረሰ ሳውቅ ግን ለቀጣዩ ጥያቄው በሬን ከፈትኩ። ምክሬን ሳይከተል ቢቀር እንኳ ቢነግረኝ እመርጣለሁ። «እርስዎ እንዲህ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን በዚህ ምክንያት በሌላ መንገድ ሄድኩ» የሚል ሰው አያስቀይመኝም።

ይኸው ልጅ አሁን በሁለት ወይም በሦስት ወር አንዴ ይጽፍልኛል። ባለፈው አንድ መሥሪያ ቤት ሰው ሲፈልግ ስሙን የሰጠሁት ሳይጠይቀኝ ነው። «ሜንተር» የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ አንስቷት አያውቅም።

አንቺ ደግሞ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነኝ ብለሻል። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ በዶላር የውጭ አቅራቢ ዕዳ ያለበት ድርጅት ሁሉ ዕዳውን በሰኔ 30 ምንዛሬ መልሶ ሲያሰላ ልዩነቱ ያስደነግጠዋል። ልዩነቱ ትርፍና ኪሣራ ውስጥ ይግባ ወይስ በዕቃው ዋጋ ላይ ይደመር የሚል ክርክር ሒሳብ ክፍላችሁ ሳይነሳ አልቀረም። አንቺ የቱ ጋ ነሽ? ለምን? በአንድ ገጽ አድርገሽ፣ የአቅራቢውን ስም አጥፍተሽ ላኪልኝ። ኅዳር ላይ።