የሁለት ሳምንት እረፍትና የሯጭ ደም

«ጋሼ፣ ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ስመለስ የዋሽንግተኑን ማራቶን እሮጣለሁ። እንጦጦ ላይ ብለማመድ ደሜ ተገንብቶ እመጣለሁ አይደል?»

ይህን የጠየቀኝ እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ እሁድ እሁድ አብሮኝ የሚሮጥ ወጣት ነው። ሁለት ሳምንት አይበቃህም አልኩት። እኔም ከዓመታት በፊት እንደሱ አስቤ ሄጄ ነበርና ነገሩን ከሥሩ ልንገረው።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። እኛ እዚህ ከባህሩ ጋር እኩል ነን ማለት ይቻላል። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ሁለቱም ጋ 21 በመቶ ነው። የሚለያየው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን እዚህ ከምታገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት ኩላሊት ይለየዋል። በሰዓታት ውስጥ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን መልቀቅ ይጀምራል። ሆርሞኑ በሁለት ሦስት ቀን ከፍተኛው ላይ ይደርስና እንደገና ይቀንሳል። ሥራው የአጥንት መቅኔን ቀይ የደም ሴል እንዲያበዛ ማዘዝ ነው። መቅኔው ግን በአንድ ጀምበር አይሠራም። አዲሱ ሴል ተሠርቶ ደም ውስጥ እስኪገባ ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ለቆየህበት ለእያንዳንዱ 100 ሰዓት በቀይ ሴሉ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢንህ ጠቅላላ መጠን 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለት ሳምንት 336 ሰዓት ነው። ሁሉ ቢሳካ 3 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት በጉዞ ድካምና በእንቅልፍ ማጣት ያልፋል። ልምምዱም ይሳሳል።

እኔን ያሳሳተኝ የደም ምርመራ ነው። ከመሄዴ በፊት ሄሞግሎቢኔ 14.2 ነበር። አዲስ አበባ በገባሁ በአራተኛው ቀን አንድ ክሊኒክ ተመረመርኩ። 15.1 ሆኗል። ደስታዬ ሌላ ነበር። በአራት ቀን ደሜ ተገነባ ብዬ ለዘመድ ሁሉ አወራሁ። አሜሪካ ከተመለስኩ ከሳምንት በኋላ ስለካው 14.3 ነው። የት ሄደ?

መጀመሪያውንም አልመጣም ነበር። ከፍታ ላይ ስትወጣ ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማውን፣ መቀነስ ነው። ብዙ ትተነፍሳለህ፣ አየሩም ደረቅ ነው፣ ሽንትም ይበዛል። ሴሎቹ ቁጥራቸው ያው ሆኖ ውሃው ሲያንስ ደሙ ይወፍራል። ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ሲወፍር ሽንኩርቱ እንዳልጨመረ ሁሉ ማለት ነው። ተራው ምርመራ የሚለካው በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ነው እንጂ ጠቅላላ መጠኑን አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታይ ጭማሪ አያስደስትህ።

ሁለተኛው ችግር ብረት ነበር። እዚህ ያለው ሐኪሜ ፌሪቲን እንድለካ አዘዘኝ። ፌሪቲን ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳይ ነው። የእኔ 19 ወጣ፤ ዝቅተኛ ነው። ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። ኩላሊት የፈለገውን ያህል ሆርሞን ቢልክ መቅኔው ጥሬ ዕቃ ከሌለው ምንም አያመጣም። እዚህ የሚሮጡ ሰዎች ከፍታ ከመውጣታቸው ከስምንት ሳምንት በፊት ፌሪቲን ማስለካት ልማዳቸው ነው። እኛ ጋ ደግሞ ምስር ወጡን በልተን ወዲያው ሻይ ወይም ቡና እናስከትላለን። የሁለቱም መጠጦች ታኒን ከምስር የሚገኘውን ብረት ይይዘዋል። ሻዩን አንድ ሁለት ሰዓት ማዘግየት፣ ምግቡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይረዳል። ክኒኑን ግን ሳትለካ እንዳትጀምር። የበዛ ብረት ጉበት ይጎዳል።

በሁለተኛው ጉዞዬ ፌሪቲኔ ከ50 በላይ ሆኖ ነው የሄድኩት። አራት ሳምንት ቆየሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀስታ ብቻ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት፤ እስካሁንም ይገርመኛል። የአገራችን ሯጮች እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚሮጡት በዝግታ ነው፤ እየተጠማዘዙ፣ በመስመር፣ አንዱ የሌላውን እግር እያየ። ፍጥነት የሚሠሩበት ቀን ሲሆን ግን ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ይሳፈሩና ወደ አቃቂ ወይም ሰበታ ይወርዳሉ። እዚያ ዝቅ ይላል፣ አየሩም ይሻላል፣ እግርም ይፈጥናል።

አሜሪካ ውስጥ ሌቪንና ስትሬይ-ገንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የሚያሳየው። 39 ሯጮችን በሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን 2,500 ሜትር ላይ እየኖረ 1,250 ሜትር ላይ ተለማመደ። ሌላው ኑሮውም ልምምዱም ከፍታ ላይ ሆነ። ሦስተኛው ሁለቱንም ዝቅ ያለ ቦታ አደረገ። ከአራት ሳምንት በኋላ ከፍታ ላይ የኖሩት ሁለቱም ቡድኖች ቀይ የደም ሴላቸው ጨመረ። የ5,000 ሜትር ሰዓቱን ያሻሻለው ግን ከላይ እየኖረ ከታች የተለማመደው ብቻ ነበር። 13 ሰከንድ ገደማ አሻሻለ። ከላይ የሚሮጥ ሰው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ፍጥነቱ ይወርዳል። ፍጥነቱ ሲወርድ ጡንቻው ይለግማል። በደም ያገኘውን በእግር ያጣዋል። እዚህ ሰዎች ይህን ለማግኘት ኦክስጅን የቀነሰ አየር የሚነፋ ድንኳን ገዝተው መኝታ ቤታቸው ይተክላሉ። አገር ቤት ያለ አሠልጣኝ በአውቶቡስ ይፈታዋል። እኔ የአውቶቡሱን መንገድ እመርጣለሁ፤ ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ብቻ ነው የምታገኘው።

ይህ ወጣት ሌላም ነገር ብሎኛል፤ «እኛ እኮ ደማችን ውስጥ ነው»። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ሲንቲያ ቢል የምትባል አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ በ2002 ስለ ሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነው የሚለው። ሰዎቹ የሚኖሩት 3,530 ሜትር ላይ ነው። ሄሞግሎቢናቸው ግን ባህር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው አልበለጠም። ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች በተቃራኒ ደማቸው ሳይወፍር ኦክስጅናቸው ይሞላል። ወፍራም ደም ብቻውን የሯጭ ምሥጢር ቢሆን ኖሮ እኛ ጋ አይገኝም ነበር።

ከከፍታ የወረደ ደምም አይቆይም። ኬንያውያን ሯጮች ጀርመን ወርደው ስድስት ሳምንት ሲቀመጡ የሄሞግሎቢናቸው መጠን ቀንሷል። እዚህ 15 ዓመት የኖርን ሰዎች ስንሄድ እንጦጦ ላይ የምናለከልከው ለዚህ ነው። የተወለድንበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመን እንኳን ሰውነታችን እንደ እንግዳ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ሲገባኝ ልቤ አዝኖ ነበር፤ አልደብቅም።

ለወጣቱ ያልኩት ይህን ነው። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። አሁን ፌሪቲንህን አስለካ። መስከረም 7 ገደማ ግባ፣ ጥቅምት 5 ተመለስ። አራት ሳምንት ይሆንሃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰዓትህን አትይ። ፍጥነቱን አቃቂ ሥራው፣ እንጦጦን ለዝግታው ተወው። ከተመለስክ በኋላ ጭማሪው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚረግፍ ውድድሩን አታራቀው። አራት ሳምንት ፈቃድ ካላገኘህ ሁለቱን ሳምንት ለእናትህ ስጣቸው፤ ማራቶኑን እዚህ በሠራኸው ልምምድ ሩጠው።