ሁለት ንዝረት፣ አንድ ርዕደ መሬት

«ደሴ መጀመሪያ ቀለል ያለ ንዝረት ተሰማን፣ ትንሽ ቆይቶ ጠንከር ያለው መጣ። ሁለተኛው ሌላ ርዕደ መሬት ነው አይደል?»

አይደለም ወንድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። አንዱ ርዕደ መሬት ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል፤ ሁለቱም የሚነሱት አለቱ በተሰበረበት ቅጽበት፣ እኩል ነው። የሚለያያቸው ፍጥነት ነው።

ቀዳሚው አለቱን በጉዞው አቅጣጫ እየጨመቀና እየሳበ ይሄዳል፤ ተከታዩ ወደ ጎን ያወዛውዘዋል። አለት መጨመቅን አጥብቆ ይታገላል፤ ወደ ጎን መወዛወዝን ያን ያህል አይታገልም። ትግሉ በበረታ ቁጥር ሞገዱ ይፈጥናል። ቀዳሚው በሰከንድ 6፣ ተከታዩ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ ብንል፣ አንድ ሰከንድ መዘግየት 8.4 ኪሎ ሜትር ርቀት ማለት ነው።

ርዕደ መሬቱ ፈንታሌ አካባቢ ተነሳ እንበል። ደሴ ያለ መሣሪያ በሁለቱ መካከል 28 ሰከንድ ያገኛል፤ 235 ኪሎ ሜትር። አቅጣጫውን ግን አይነግረንም፤ በደሴ ዙሪያ ክብ ከማስመር ሌላ ምርጫ የለንም። አዲስ አበባ 15 ሰከንድ፣ ማለትም 126 ኪሎ ሜትር ስትመዘግብ፣ ክቦቹ ሁለት ቦታ ይቆራረጣሉ፤ አንዱ ፈንታሌ፣ ሌላው ወደ ዓባይ በረሃ በኩል። እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው የሚያስፈልገው። ሰመራ 40 ሰከንድ ገደማ ካለች ፈንታሌ ነው። ከዓባይ በኩል ቢሆን ኖሮ 47 ያህል ይሆን ነበር።

በተግባር ሦስቱ ክቦች ነጥብ ላይ አይገጥሙም፤ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይተዋሉ። ስብራቱ ከመሬት በታች ነው፣ የአለቱም ፍጥነት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የተከታዩ ሞገድ መነሻም በቀዳሚው ንዝረት ውስጥ ይደበቃል፤ ሁለት ሰከንድ ብትስት 17 ኪሎ ሜትር ሳትህ ማለት ነው።