ውሃ በዶላር? ለድመት ከሆነ፣ አዎ

«እርጥቡ የድመት ምግብ 78 ከመቶው ውሃ ነው። ውሃ በዶላር መግዛት ሞኝነት ነው። ደረቁ ፕሮቲኑም በሦስት እጥፍ ይበልጣል፣ ጥርስም ያጸዳል።»

ይህን ያለው ባለፈው ሳምንት በአንድ የአማርኛ ሬዲዮ እንግዳ ሆኖ የቀረበ የቤት እንስሳት ምግብ ነጋዴ ነው። አቅራቢው «እውነት ነው፣ ገንዘባችንን እየጣልን ነው» ብሎ አጨበጨበለት። አንድም ጥያቄ የለም። እዚህ ሜሪላንድ ድመት ያላቸው ወዳጆቼ በማግስቱ ወሬያቸው ሁሉ ይኸው ሆነ።

ከፕሮቲኑ ልጀምር፤ የሰውየው ሒሳብ ከሁሉም ይልቅ የፈረሰው እዚያ ላይ ነውና። ደረቁ ምግብ የሚሸጥበት ከረጢት ላይ ፕሮቲን 32 ከመቶ ተብሎ ተጽፏል። የእርጥቡ ጣሳ ላይ 10 ከመቶ። ሰውየው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሦስት እጥፍ» አለ። ጣሳው 78 ከመቶ ውሃ መሆኑን ግን ከደቂቃ በፊት የነገረን እሱ ራሱ ነው! ውሃው ከወጣ የሚቀረው 22 ነው። ከ22ቱ 10ሩ ፕሮቲን ከሆነ፣ 45 ከመቶ ማለት ነው። ከረጢቱ ደግሞ እርጥበቱ 10 ከመቶ ነው፤ የሚቀረው 90። ከ90ው 32ቱ ፕሮቲን፣ ወደ 36 ከመቶ ይመጣል። ጣሳው በለጠ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ማካፈል ነው፣ ነጋዴ ግን አይሠራውም። ለምን ይሥራው?

ሌብል የሚነበበው እንዲህ ነው። ጀርባው ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ፕሮቲን፣ ስብ፣ ፋይበርና እርጥበት። እርጥበቱን ከመቶ ቀንስና በሚቀረው ፕሮቲኑን አካፍል። የተጻፈው ፕሮቲን ዝቅተኛው መጠን ስለሆነ ውጤቱ ግምት ነው፤ ሁለት ምግብ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ይህን ሳያደርጉ ጣሳና ከረጢት ማወዳደር ብርና ዶላርን ሳይመነዝሩ እንደማወዳደር ነው።

እዚያው ላይ እያለህ ያልተጻፈውንም ፈልግ። ካርቦሃይድሬት አብዛኛውን ጊዜ ሌብሉ ላይ የለም። ከረጢቱ ላይ ፕሮቲን 32፣ ስብ 12፣ ፋይበር 4፣ እርጥበት 10 ይላል እንበል። ማዕድኑ (አመድ የሚሉት) ወደ 7 ይሆናል። ደምረው፣ 65። የቀረው 35 ምንድን ነው? በቆሎ፣ ሩዝ፣ አተር፣ ድንች። ማሽኑ ፍሬዎቹን የሚቀርጸው ስታርች ሲኖር ስለሆነ ያለ እሱ አብዛኛው ከረጢት አይሠራም። ድመት ደግሞ ሥጋ በል ናት። አገር ቤት ጎተራ ሥር የምታድነው አይጥ ሰውነቷ 70 ከመቶ ገደማ ውሃ ነው፣ ስታርች ግን የለባትም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከአይጧ ጋር የሚመሳሰለው የትኛው ነው፣ ጣሳው ወይስ ከረጢቱ?

አሁን ወደ ውሃው። ሰውየው የሳቀበት ውሃ ዋናው ነገር ነው። የድመት ዘር ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት የመጣ ነው፤ የደረቅ አገር እንስሳ። ውሃዋን ከምትበላው ሥጋ ታገኝ ስለነበር ጥማቷ ደካማ ነው። ሽንቷን ደግሞ በጣም ታወፍራለች። ደረቅ ምግብ ስትሰጣት ከሳህኑ በርከት አድርጋ ትጠጣለች፣ ይህ እውነት ነው። ግን ጉድለቱን አትሞላውም። በቀን ወደ ሰውነቷ የሚገባው ጠቅላላ ውሃ ጣሳ ከምትበላ ድመት ያነሰ ሆኖ ይቀራል። «ውሃ በነፃ ከቧንቧ ስጣት» የሚል ሰው ድመት አሳድጎ አያውቅም፣ ወይም አሳድጎ ልብ አላላትም።

ሽንት ሲወፍር ምን ይሆናል? በተለይ በወንድ ድመት። የወንዱ የሽንት ቧንቧ ቀጭን ነው። በውስጡ ክሪስታልና ዝቃጭ ሲጠራቀም ይዘጋል። አሸዋ ሳጥኑ ውስጥ ደጋግሞ ይገባል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ከታች ራሱን ይልሳል፣ ጠብታ ብቻ ይወጣዋል ወይም ምንም አይወጣውም። ብዙ ሰው «ሆድ ድርቀት ነው» ብሎ እስከ ሰኞ ይጠብቃል። አይጠበቅም! ፖታስየም ደሙ ውስጥ ይከማችና ልቡን ያቆመዋል፤ አንድ ሁለት ቀን በቂ ነው። በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ሐኪም ነው። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ድመት በቱቦ ተከፍቶ፣ ለቀናት ተኝቶ ሲወጣ ክፍያው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ምን የሚል ይመስልሃል? «ከአሁን በኋላ እርጥብ ምግብ አብላው።» ደረቅ የበላ ሁሉ ይዘጋል አላልኩም፤ የድመቱ ውፍረትም ጭንቀትም ምክንያት ናቸው። ውሃን «ሞኝነት» ያለ ነጋዴ ግን ያንን ክፍያ ይክፈልልን።

ደግሞ የሚገርመው፣ የእሱ ከረጢት ራሱ በውሃ ነው የሚፎክረው። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «አንደኛው ግብዓት እውነተኛ ዶሮ» ይላል። ግብዓት የሚደረደረው ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ባለው ክብደት ነው። ጥሬ ዶሮ ደግሞ 70 ከመቶ ገደማው ውሃ ነው። ውሃው ሲተን ዶሮው ከአንደኛ ደረጃ ይወርዳል፣ ጽሑፉ ግን አንደኛ እንዳለ ይቀራል። ከሥሩ ያለውን አንብበው፤ የበቆሎ ግሉተን፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ሙሉ በቆሎ። ሦስት ስም ያወጡለት አንድ በቆሎ ነው። ቢደመር ማን አንደኛ እንደሚወጣ ገምት። ውሃ በዶላር የሸጠልን ማነው ታዲያ?

የፊት ለፊቱ ስምም ሕግ አለው፤ የአሜሪካ የእንስሳት መኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ አፍኮ የሚባለው፣ ያወጣው ነው። «ቺክን» ብቻ ካለ፣ ለማዘጋጃ የገባው ውሃ ሳይቆጠር 95 ከመቶው ዶሮ መሆን አለበት። «ቺክን ዲነር» ወይም «አንትሬ» ካለ 25 ከመቶ ይበቃል። «ዊዝ ቺክን» ካለ 3 ከመቶ። «ቺክን ፍሌቨር» ካለ ጣዕሙ ከታወቀ በቂ ነው። «ፕሪሚየም» የሚለው ቃል ግን ሕጋዊ ትርጉም የለውም። ለእሱ የምትከፍለው ለቀለሙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ በጣም በትንሹ ነው የሚጻፈው። ምግቡ ለአዋቂ ድመት ወይም ለሁሉም ዕድሜ «ኮምፕሊት ኤንድ ባላንስድ» መሆኑን ይናገራል። ይህ ቀልድ አይደለም። በ1987 የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገበያ ምግብ የሚያድጉ ድመቶች ታውሪን በሚባል ንጥረ ነገር እጥረት ልባቸው እየላላ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ዛሬ ያ ጽሑፍ ያለበት ምግብ ታውሪኑ የተሟላ መሆን አለበት። የሌለበት፣ «ለተጨማሪነት ብቻ» የሚል ጣሳ፣ ልክ እንደ ቱና ጣሳ ነው፤ መክሰስ እንጂ ምግብ አይደለም። የውሻ ምግብም አያገለግልም። የምሳ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ለድመት መርዝ ነው።

«ባይ ፕሮዳክት» ሲያዩ የሚያፈገፍጉ አበሾች ግን ያስቁኛል። ጉበት፣ ሳንባ፣ ልብ፣ ኩላሊት ነው። ቅዳሜ ዱለት ሲያዝ የሚውል ሰው ለድመቱ ጉበት ተጠየፈ! ለድመት ከነጭ የዶሮ ደረት ይልቅ ይህ ይሻላል፣ ርካሽም ነው። ርካሹ ጣሳ ርካሽ የሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ኪስ እንምጣ። ደረቅ በካሎሪ ሲሰላ ይረክሳል፤ ይህን እሰጠዋለሁ። ግን ሰውየው የሚሸጠው ርካሹን ደረቅ አይደለም። ሰፈሬ ባለው ሱቅ ዋጋ አስላው። የ4 ኪሎ የቤት ድመት በቀን ወደ 200 ካሎሪ ይበቃታል። የ30 ዶላር፣ 7 ፓውንድ «ፕሪሚየም» ከረጢት ሁለት ወር ገደማ ይሄዳል፤ በቀን 50 ሳንቲም። አሁን ሌላውን እንይ። የ5.5 አውንስ ትልቅ ጣሳ፣ ፓቴ፣ ከዶሮና ከጉበት የተሠራ፣ አንድ ዶላር ነው። 180 ካሎሪ አለው። ግማሹን ስጣት፤ 90 ካሎሪ በ50 ሳንቲም። ቀሪውን 110 ካሎሪ ከተራው፣ 16 ፓውንዱ 20 ዶላር ከሚሸጠው ደረቅ አሟላ፤ 30 ግራም ገደማ፣ ወደ 8 ሳንቲም። ድምሩ 58 ሳንቲም። በ8 ሳንቲም ልዩነት ድመትህ ከምግቧ ብቻ በቀን ወደ 64 ሚሊ ሊትር ውሃ አገኘች። ባለ 30 ዶላሩ የሚሰጣት 5 ሚሊ ሊትር ነው።

ባለ 3 አውንሷ ቆንጆ ጣሳ በ1 ዶላር ከ80 ስትሸጥ አትታለል። በአውንስ ስታካፍላት ከትልቁ ጣሳ ከሦስት እጥፍ በላይ ናት። ሾርባ የበዛበትንም ተወው፤ ሾርባው በስታርችና በስንዴ ግሉተን የሚወፍር ነው። የተረፈው ግማሽ ጣሳ ተከድኖ ፍሪጅ ይገባል። በማግስቱ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምርበት፤ ሽታው ይነሳል፣ ትበላዋለች። ሳህን ላይ ለሰዓታት አይዋል።

ደረቅ የለመደች ድመት መጀመሪያ ላይ ጣሳውን ታሸታለች፣ ትሄዳለች። «ሲርባት ትበላለች» ብለህ አትሟገታት። ድመት ሁለት ቀን ካልበላች ጉበቷ በስብ ሊሞላ ይችላል፤ ወፍራም ከሆነች ይብሳል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ከደረቁ እየቀነስክ ከጣሳው እየጨመርክ አሸጋግራት።

ጥርሱስ? ድመት ትንንሿን ፍሬ ብዙውን ጊዜ ሳታኝክ ነው የምትውጠው። ብታኝካትም በአንድ ንክሻ ትሰበራለች፣ ድዱ ጋ አትደርስም። ጥርስን በእርግጥ የሚረዱ ደረቅ ምግቦች አሉ፤ ፍሬያቸው ትልቅና ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት የቪኦኤችሲ ማኅተም አለባቸው። የሰውየውን ከረጢት ሱቅ ሄጄ ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጬ አየሁት። ማኅተሙ የለም።