ከገብርኤል በኋላ

ሐዋሳ ቤታችን ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን ከኋላው ሆዱ የተነፋ፣ ከፊቱ ዓይኑ የደከመ የድሮ ዕቃ ነበር። ጥር 2016፣ በጥምቀት ሰሞን ትንሽ ጭስ አወጣና ዐረፈ። ባለቤቴ «በል እንግዲህ፣ ነገ ፒያሳ ወጣ በልና ሌላ ይዘህ ና» አለችኝ። ገንዘቡም አልጠፋም፤ እቁብ ወጥቶልን 35,000 ብር ባንክ ተቀምጦ ነበር። ሱቁ ደግሞ ባለ 43 ኢንቹን 34,000 ብር ይለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕቃ የሚገዛው ሲያስፈልግ ሳይሆን ሲረክስ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና ሽፋኑ ላይ «የግዢ ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ። የደብተሩን ዋጋ ግን ተከራክሬ አስቀንሻለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሞዴል ነበር። የቴሌቪዥን ዘመን መለወጫ መስከረም አይደለም። በየዓመቱ የፈረንጆች ጥር ሲገባ ላስ ቬጋስ ውስጥ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ይከፈታል። ኩባንያዎቹ የዓመቱን አዲስ ሞዴል እዚያ ያሳዩና ዕቃው ሱቅ የሚደርሰው ወራት ቆይቶ፣ በጸደያቸው ነው። በዚህ መሃል ነጋዴው መደርደሪያውን ለአዲሱ ማስለቀቅ ስላለበት ያለፈውን ዓመት ዕቃ በቅናሽ ይለቀዋል። ይህን ለባለቤቴ በዝርዝር አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «መደርደሪያው ያለው የት አገር ነው?» አለች።

«አሜሪካ።»

«እሺ» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች።

መጋቢት ላይ ሱቁ ሄድኩ። ዋጋው ንቅንቅ አላለም። የሱቁ ልጅ «የዘንድሮ ነው ጋሼ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም» አለኝ። እኔ ግን ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ የካርቶን ጽሑፍ ማንበብ ተምሬ ነበር። ካርቶኑ ጎን ላይ UA43CU7000 ይላል። 43ቱ ኢንቹ ነው። ቀጥሎ ያለው C ዓመቱን ይናገራል፤ በዚህ የሳምሰንግ አቆጣጠር B የ2022፣ C የ2023፣ D የ2024 ሞዴል ነው። ላስቲኩ አለመላጡ የሚያሳየው ማንም እንዳልነካው እንጂ ዘንድሮ መሠራቱን አይደለም። ዞር ስል ደግሞ ከአጠገቡ አንድ የB ወንድሙ ቆሟል፤ ዋጋቸው እኩል፣ ዕድሜያቸው ለየቅል።

የቅናሹ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው የተገለጠልኝ። እኛ ዘንድ ገዢ ሲመጣ ስንት ኢንች እንደሆነና ስማርት መሆኑን ይጠይቃል፤ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያልተጠየቀ ነጋዴ ምን ብሎ ይቀንሳል? አሮጌው ሞዴል አዲስ መስሎ እየተሸጠ ሳለ የሞዴል መለወጫ ቅናሽ ሐዋሳ ድረስ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ገዢው ራሱ ፊደሉን አንብቦ ሲጠይቅ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ጠየቅኩ። ልጁ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «ባለቤቱ ሲመጣ ይነጋገሩ» አለኝ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች በቶሎ ተገለበጡ። ሚያዝያ 27 ፋሲካ ነው፤ ለበዓል ዕቃ መግዛት ሞኝነት ነው። ሰኔ 7 የአውሮፓ ዋንጫ ተጀመረ፤ ኳስ ሲጀመር ቴሌቪዥን ይወደዳል፣ የዋንጫው ሰሞን ይለፍ አልኩ። ልጄ ሙሉ ውድድሩን ጎረቤት ተቀምጦ አየ። የጎረቤታችን ባለቤት አንድ ቀን በአጥር በኩል «ጋሼ፣ ልጁ እራቱንም እኛ ዘንድ ቢበላ ደስ ይለናል» አለችኝ። ደግነት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ደብተሬ ላይ በቀይ የተከበበው ወር ሐምሌ ነበር። አንደኛ፣ ክረምት ነው፤ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ የሰው ልብ ወደ መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ይዞራል። ሁለተኛ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነጋዴ ቆጠራ ያደርጋል፤ የማይሸጥለትን ዕቃ በዓይኑ ያየዋል። ሦስተኛ፣ ሐምሌ ያኔ ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የሚከፍሉበት ወር ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው ለመቀነስ አይግደረደርም። የእኔ ባለሱቅ ደረጃው «ሐ» ነበር። በጊዜው ደረጃ «ሐ» ማለት የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነው፤ በ34,000 ሲካፈል ዓመቱን ሙሉ አሥራ አራት ቴሌቪዥን ሸጠ ማለት ነው። እኔ ሱቁ ውስጥ በቆምኩበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ሦስት ሲሸጥ አይቻለሁ። ግን እኔ ገዢ እንጂ ገቢዎች አይደለሁም።

ሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ነው። ያን ሰሞን ሐዋሳ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፤ አልጋውም ዓሣውም ይወደዳል። ስለዚህ ከገብርኤል በኋላ አልኩ። ሐምሌ 20 ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሳለ ሱቁ ገባሁ። ባለቤቱ ራሱ ነበር። የCን ጉዳይ አነሳሁ፣ የBን ጉዳይ አነሳሁ፣ የላስ ቬጋስን ጉዳይ አነሳሁ። ሰውዬው ግንባሩን ጠረገና «ወንድሜ፣ ግብር አለብኝ፤ 32,000 ስጠኝና ይዘኸው ሂድ» አለ።

ስድስት ወር የለፋሁበት ቀን ደረሰ። 31,500 አልኩት።

«32,000።»

«31,500።»

በመካከላችን የቀረው 500 ብር ብቻ ነበር። እዚህ ላይ የክርክር አዋቂ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ፊቴን አዙሬ ወጣሁ። ሰባት እርምጃ ሳይሞላ ይጠራኛል። በዝግታ ተራመድኩ። አሥር ስደርስ የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ አሰርኩ፤ ጫማዬ ክር የለውም። አልጠራኝም። ግድ የለም፣ ሰኞ ራሱ ይለምነኛል አልኩ።

እሑድ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ወረድኩ። ዓሣ አራጆቹ ሥር አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ደፍተው፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው ቆመዋል። አንጀቱ ሲወረወር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት። እኔም ራሰ በራ ነኝና ዘመዶቼን ያገኘሁ መሰለኝ።

ሰኞ ሐምሌ 22 ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ አለ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ባንክ ቤት 74 ብር ተለጠፈበት። ሱቁ ስደርስ ቴሌቪዥኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብርድ ልብስ ለብሷል።

«ዛሬ አልሸጥም» አለ ባለቤቱ። በማግስቱ ብርድ ልብሱ ተነሣ፤ 41,000 ብር።

በጣም ተናደድኩ። «ይህ ዕቃ እኮ በድሮው ዶላር የገባ ነው! ለዚያውም አንተ ዶላሩን ከባንክ አልገዛኸውም፤ ከጥቁር ገበያ በመቶ ምናምን ብር ነው የገዛኸው። ባንክ ወደ አንተ ተጠጋ እንጂ አንተ ምን ጨመረብህ?» ክርክሬ እውነትም ውብ ነበር።

ሰውዬው ወንበር ሳበልኝ። «ስማ ወንድሜ። ዱባይ 200 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ አለ እንበል። ዶላሩን በ110 ባገኘው 22,000 ብር ነው፤ እሱ ያው ነው፣ እውነትህን ነው። ጉምሩክ ግን ቀረጡንና ታክሱን የሚያሰላው በባንክ ተመን ነው። ሁሉም ተደምሮ የዕቃውን ግማሽ ያህላል እንበል። በ57 ብር ሒሳብ 5,700 እከፍል ነበር። ዶላሩ ባንክ ቤት 100 ሲገባ 10,000 እከፍላለሁ። ይህን ሸጬ የሚተካውን የማመጣው በዚያ ነው።»

ከደብተሬ ላይ አሰላሁት። ትክክል ነው፤ የ4,300 ብር ልዩነት አለው። 34,000 የነበረው ዕቃ 41,000 ሲሆን የተጨመረው ግን 7,000 ነው።

«ቀሪው 2,700 ብርስ?»

«እሱ የፍርሃቴ ነው» አለ፣ ሳያፍር።

ከዚያው ጎን የራሴንም አሰላሁ። ወራት የጠበቅኩት የሞዴል ቅናሽ፣ ዱባይ ላይ አሥር በመቶ ነው ብንል፣ 20 ዶላር ነው፤ በ110 ሲባዛ 2,200 ብር። የምንዛሪው ለውጥ በቀረጥ በኩል ብቻ እጥፉን ያህል በልቶታል። ብር እየወረደ ባለበት አገር ቅናሽ የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ማወዳደር የነበረበት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነበር። ደብተሬ ውስጥ ስለ ሞዴል አሥራ ሁለት ገጽ አለ፤ ስለ ምንዛሪ ግን አንድ መስመር፦ «ዶላር፦ በኋላ ይታያል።»

ነሐሴ 4 ታምራት ቶላ የፓሪስን ማራቶን ሲያሸንፍ ጎረቤት ቆሜ አየሁ፤ ወንበሩ በሌሎች ተይዟል። ታምራት መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የተተካው። «አየሽ፣ የጠበቀ ወርቅ አገኘ» አልኳት ባለቤቴን። «እሱ እየጠበቀ ይሮጥ ነበር» አለችኝ።

ባንክ ቤት ያለው ዶላር ጳጉሜ ሳይገባ 100ን አለፈ። የዓመት መጨረሻ ቅናሽ ሲባል ሄድኩ፤ 52,000 የሚል ቁጥር በቀይ ተሰርዞ ከሥሩ 46,000 ተጽፏል። 52,000 ብር የሚባል ዋጋ ሱቁ ውስጥ ከተሰረዘበት ደቂቃ በፊት ኖሮ አያውቅም፤ ዋጋውን በየሳምንቱ ስለምመዘግብ ምስክሩ እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ የጥቁር ገበያው ዶላር ትንሽ ወረደ ሲባል ሰምቼ በደስታ ሮጥኩ። «እኔ የገዛሁት በውዱ ጊዜ ነው» አለኝ። ሲወጣ የነገውን ዋጋ ይቆጥራል፣ ሲወርድ የትናንቱን። ዛሬ የሚባል ቀን ሱቁ ውስጥ የለም።

ኅዳር ላይ ገዛሁ። የተለጠፈው ዋጋ 46,000 ብር ነበር። ያው C ነው፤ አሁን Dው ጎኑ ቆሞ ስለነበር ፊደሉን በጣቴ አሳየሁትና 1,500 ብር ቀነሰልኝ። የአሥር ወር ጥናቴ ያስገኘልኝ ይህንኑ ነው። ከእሱም ላይ 300 ለባጃጅ፣ 200 ለተሸካሚ ሄደ። ከዋጋው የጎደለውን ዘጠኝ ሺህ ከምናምን ባለቤቴ ከሁለተኛው እቁቧ አወጣች፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ቴሌቪዥኑን የምናስቀምጥበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ምንም ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ባለ 50 ሉኩ ደብተር ለሁለት ታጥፎ ከእግሩ ሥር ገብቷል፤ ውፍረቱ ልክክ ብሏል።