የደንበኛ ምስክርነት ታርሞ ይለጠፍ ወይስ በራሱ አንደበት?

ጥያቄው

«ስታዲየም አካባቢ የአጎቴ ስፌት ቤት አለ። የቴሌግራምና የኢንስታግራም ገጹን የምይዘው እኔ ነኝ። ለሰርግ ሱፍ ያሰፋ ልጅ በቴሌግራም ከታች ያለውን ጻፈልን። አጎቴ "አሳምረሽ ጻፊውና ለጥፊው" ይለኛል። እንዴት ላድርገው?

ሰላም እንዴት ናችሁ ሱፉን ወስጃለው ተባረኩ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ፈርቼ ነበር ምክንያቱም ከዚ በፊት ሌላ ቦታ አሰፍቼ ትከሻው እምቢ ብሎኝ ያቃል። እናንተ ጋ ሁለቴ ለካችሁኝ። አንድ ቀን አዘገያችሁኝ ግን ቀድማችሁ ደውላችሁ ነግራችሁኛል። ሰርጉ ላይ አክስቴ ከውጭ ነው ያስመጣኸው አለችኝ ሃሃ። ዋጋው ከበድ ይላል ግን ለብሼው ሳየው አልቆጨኝም። ወንድሜንም ልኬላችኋለው»

ታርሞ ይለጠፍ (ፒያሳ የጫማ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ)

አጎትሽ ልክ ነው። ይህ ደብዳቤ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። ሰላምታ አለበት፣ ሳቅ አለበት፣ ፊደሉ የተሳሳተ ነው።

ከራሴ ልንገርሽ። አንድ ደንበኛዬ የጻፈልኝን ስክሪንሾት አንስቼ እንዳለ ለጠፍኩት። ከስር ሰው ጫማውን ትቶ ፊደሉን ማረም ጀመረ። ማታ ላይ ደውሎ «እባክህ አጥፋልኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ አይተውታል» አለኝ። አጠፋሁት፤ ሰውዬው ግን ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ያመሰገነኝን ሰው አዋረድኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የስፌት ቤቱ አገልግሎት እጅግ አስደሳች ነው። በጥራቱና በተመጣጣኝ ዋጋው ረክቻለሁ። ለሁሉም እንዲጠቀሙበት እመክራለሁ።» አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ማንንም አያሳፍርም።

በራሱ አንደበት ይለጠፍ (ካዛንቺስ ለትናንሽ ሱቆች ገጽ የምታዘጋጅ ጸሐፊ)

ጋሼ፣ ስለ ማሳፈሩ ያሉት እውነት ነው። ፊደሉ ይታረም። «ወስጃለው»ን «ወስጃለሁ» ብናደርገው ልጁ የተናገረው አይለወጥም። «ከዚ» «ከዚህ» ይሁን፣ «ያቃል»ም «ያውቃል»። አራት ነጥብ የጎደለበት ይግባ። ስክሪንሾቱን መለጠፍ አያስፈልግም።

ከዚያ በላይ ግን እጃችን አይግባበት። የእርስዎን ሦስት ዓረፍተ ነገር ፋርማሲ በር ላይ ቢለጥፉት ይሠራል። ጋራዥ በር ላይም ይሠራል። ሱፍ የሚያሰፋ ሰው የሚፈልገው ነገር ግን የለበትም። ትከሻው የት ሄደ? ሁለቴ መለካቱስ? ሱፍ ያሰፋ ሰው ሁሉ ትከሻ ላይ ተቃጥሎ ያውቃል። ሱሪ ቢረዝም ይቆረጣል፣ ወገብ ቢሰፋ ይጠባል፤ ትከሻው ካልገጠመ ግን እጅጌውን ፈትቶ እንደገና መሥራት ነው። ልጁ ይህን የጻፈው ማስታወቂያ ልጻፍ ብሎ አይደለም። ፈርቶ ስለነበር ነው። አንባቢም የሚያምነው ያንን ፍርሃት ነው።

ደግሞ «ተመጣጣኝ ዋጋ» አላለም። «ከበድ ይላል» ነው ያለው። ይህ ማሳመር አይደለም፣ ያላለውን በአፉ ማስገባት ነው። የማስታወቂያ አዋጁም (ቁጥር 759/2004) ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«እውነት ለመናገር መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አሰፍቼ ትከሻው እምቢ ብሎኝ ያውቃል። እናንተ ጋ ሁለቴ ለካችሁኝ። አንድ ቀን አዘገያችሁኝ ግን ቀድማችሁ ደውላችሁ ነግራችሁኛል። ሰርጉ ላይ አክስቴ "ከውጭ ነው ያስመጣኸው?" አለችኝ፣ ሃሃ። ዋጋው ከበድ ይላል ግን ለብሼው ሳየው አልቆጨኝም።»

ሰላምታውንና ምርቃቱን አወጣሁ። ወንድሙንም አወጣሁ፤ ያ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቅደም ተከተሉን አልነካሁም። ፍርሃቱ ከላይ መሆኑ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ኢንስታግራም ላይ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በኋላ ጽሑፉ ይታጠፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ልጁ «እናንተ ጋ» ነው ያለው። ብዙ ሰው ለአንባቢ እንዲመች ብሎ «እነሱ ጋ» ወይም «በዚህ ስፌት ቤት» ያደርገዋል። ያኔ ልጁ ከስፌት ቤቱ ጋር ማውራቱን አቁሞ ለሕዝብ ንግግር ማድረግ ይጀምራል። «እናንተ» ካለ «እናንተ» ይቆይ።

ነጋዴው

የትከሻውን ነገር ተቀበልኩ። ልክ ነሽ፣ የእኔ ጽሑፍ የማንም ሱቅ ሊሆን ይችላል።

ዋጋውን ግን ለምን? በገዛ ገጼ ላይ «ውድ ነው» ብዬ ልለጥፍ? «ለብሼው ሳየው አልቆጨኝም» ብቻ ይበቃል።

ጸሐፊዋ

«አልቆጨኝም» ብቻውን ሲቆም ምኑ እንዳልቆጨው አይታወቅም። የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ «ግን» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ግማሹን አልቆርጥም። ወይ ሙሉው ይግባ፣ ወይ ሙሉው ይውጣ። በአማርኛ ሰው ቅሬታውን ከ«ግን» በፊት ያስቀምጥና ምስጋናውን ከኋላ ያመጣል። ቅሬታውን ካነሳን ምስጋናው መሠረት ያጣል። ዋጋውንም ሰው ሱቅ ሲገባ መስማቱ አይቀርም። ቀድሞ ካወቀ የሚመጣው ለመክፈል የተዘጋጀው ነው።

ነጋዴው

እሺ፣ ዋጋው ይቆይ። መዘግየቱ ግን በራስሽ ደንብ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ። ሰርግ ያለበት ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈራው መዘግየትን ነው። «አዘገያችሁኝ» የሚለውን ሲያይ ቀሪውን አያነብም።

ጸሐፊዋ

ስለሚፈራው ነው እኔም እንዲቆይ የምፈልገው። ቀጠሮ የማያጓድል ስፌት ቤት አለ ብሎ የሚያምን ሰው የለም። ቀድሞ የሚደውል ግን ብርቅ ነው። ቢወጣ ውሸት እንደማይሆን አምናለሁ፤ ያለው ሁሉ መግባት የለበትም። እኔ ግን አቆየዋለሁ።

ነጋዴው

እዚህ ላይ አንስማማም። የአጎትየው ሱቅ ነው፣ እሱ ይወስን።

ለመሆኑ ልጁን መጠየቅስ ለምን ያስፈልጋል? ራሱ ወዶ ላከው እኮ።

ጸሐፊዋ

ለስፌት ቤቱ ላከ እንጂ ለሕዝብ አልላከም። የእርስዎስ ደንበኛ ያፈረው በፊደሉ ብቻ ነው? ሳይጠየቅ መለጠፉ ይመስለኛል የባሰው። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም (ቁጥር 1321/2016) ወጥቷል፤ ስምና ፎቶ ያለ ፈቃድ መለጠፍ እንደ ድሮው ቀላል ነገር አይደለም።

እህቴ፣ «ልለጥፈው?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂው። የሚለጠፈውን ራሱን ላኪለት። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«የጻፍክልንን ገጻችን ላይ ልንለጥፈው አስበናል። ፊደል ብቻ አርመናል፤ ሰላምታውንና የወንድምህን ነገር አውጥተናል። ይኸውልህ። በስምህ ይሁን ወይስ ያለ ስም? አክስትህ ቢያዩት ቅር ይላቸዋል? የምትቀይረው ካለ ንገረን።»

መልሱን አስቀምጪው። መልስ እስኪሰጥ ቅናሽም ስጦታም አታንሺበት፤ አለበለዚያ እሺታው የውለታ ይሆናል። የሰርጉን ፎቶ ከላከም ልብሱና እሱ ብቻ በሚታዩበት ቁረጪው፤ ሙሽሮቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

ነጋዴው

ደንበኛዬን ሳልጠይቀው ነው የለጠፍኩት፣ እውነት ነው። እስከ ዛሬ ጥፋቱን በፊደሉ ላይ ነበር የማላክከው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አጎትሽ እንዲያነበው አድርጊ፣ ግን ለልጁ ከመላክሽ በፊት ይሁን። ልጁ እሺ ካለ በኋላ አጎትሽ አንዲት ቃል ቢነካ እንደገና መጠየቅ አለብሽ። ያቺን የመዘግየት ነገርም ያኔ ተነጋገሩባት።